ለእማዬና ለአባባ፣ ስለ ታናሼ ጋብቻ

ይድረስ ለእማዬና ለአባባ፣

እንደምን ከረማችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ለታናሼ ሰርግ የላክሁት 60,000 ብር እንደደረሰ ሰምቻለሁ። አባባ ግን ወደ ልጅቷ ቤት ሽማግሌ አልልክም ማለትዎን ከሰማሁ እንቅልፍ የለኝም። ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት አኩርፌ አይደለም። ስልኩን ካነሳሁ ማልቀሴ አይቀርም ብዬ ነው። ብሩንም የላክሁት ቃላችሁን ለመግዛት አይደለም፤ እንደዚያ እንዳታስቡብኝ።

እማዬ፣ «ሰባት ቤት ቆጥረን ዝምድና አላገኘንም» ብለሽኛል። ታዲያ ቆጠራው እዚያ ላይ አለቀ። የሚቆጠረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው እንጂ፣ አያቷ ወለቃ ሸክላ ትሠራ እንደነበር ለማጣራት አይደለም። ልጅቷ በሃይማኖት አንድ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ታናሼን አራት ዓመት ታውቀዋለች። የቀረው «የጠይብ ዘር» የሚለው ቃል ነው። «ቡዳ» የሚለውን አፍ አውጥታችሁ ባትሉትም ገብቶኛል።

ልደብቃችሁ የነበረ ነገር አለ። እዚህ ቤሩት፣ በምሠራበት ቤት፣ ለእኔ የተለየ ብርጭቆ አለ። ከነሱ ዕቃ ጋር አይታጠብም። አትዘኑ፣ ሥራው ደህና ነው፣ ደመወዜም በጊዜው ይከፈላል። ግን መጀመሪያ ቀን ሲሰጡኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጀበና ይዛ ቤታችን የምትመጣዋ ሴት ትዝ አለችኝ። ውሃ የምሰጣት እኔ ነበርኩ። እማዬ፣ «በዚያኛው ጣሳ ስጫት» ትይኝ ነበር። ጠጥታ፣ ራሷ አለቅልቃ፣ ደጃፍ ላይ ደፍታው ትሄዳለች። እኛ በምጣዷ እንጀራ እንጋግራለን፣ በጀበናዋ ቡና እናፈላለን። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ምንም አልመሰለኝም። አሁን ያ ጣሳ እኔ እጅ ገብቷል።

አባባ፣ ታናሼ ያለ እርስዎ ማግባት ያቅተዋል ብዬ አይደለም። በክልላችን የቤተሰብ ሕግ ሁለቱም 18 ዓመት ከሞላቸውና ከተስማሙ የወላጅ ፈቃድ አይጠየቅም። ማዘጋጃ ቤት ሄደው መፈራረም ይችላሉ። እሱ ግን እምቢ አለ። «አባቴ ሽማግሌ ሳይልክ ብወስዳት፣ ወላጆቿ ልጃችን ተናቀች ይላሉ» አለኝ። ልጅዎ እርስዎን እየጠበቀ ነው።

እባክዎ፣ የነፍስ አባታችንንና አጎቴን ይላኩ። ቢያንስ ቤቷ ሄደው ወላጆቿን ይዩ። ጥምቀት ካለፈ በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ አጭር ነው። ዘንድሮም ታቦቱ ወደ ፋሲለደስ ሲወርድ አላይም፤ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። ሰርጉን ግን በስልክም ቢሆን ልየው።

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? መድኃኒቱን እንዳታቋርጪ። ቅዳሜ ማታ እደውላለሁ። መጀመሪያ ስልኩን ለአባባ ስጪልኝ።

ልጃችሁ