የምጣድ ገንዘብ እንዲመለስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ ደንበኛችን

ጉዳዩ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድዎን ይመለከታል

ከሁሉ አስቀድመን የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ባለፈው ወር ከሱቃችን የገዙት ባለ 3500 ዋት ምጣድ እንጀራው ዓይን እንዳያወጣና እንዲጣበቅ ስላደረገብዎ፣ ምጣዱን መልሰው ገንዘብዎን ለመውሰድ መጠየቅዎ ደርሶናል። ለአንድ ሳምንት የሚሆን ሊጥ አቡክቶ ግማሹን መድፋት ምን ያህል እንደሚያሳዝን ስለምናውቅ፣ መልሳችንን የሰጠነው ምጣዱንም ቤትዎንም ካየን በኋላ ነው። ገንዘቡን መመለስ አልቻልንም። ምክንያቱን ግን ሳንገልጽልዎ ማለፍ አልፈለግንም።

ምጣዱን ወደ ሱቃችን ባመጡልን ዕለት ሬዚስታንሱን በቴስተር ስንለካው 14 ኦም ገደማ ሆኖ አገኘነው፤ ይህም ለዚህ ምጣድ ትክክለኛው ልክ ነው። ከዚያም ሱቃችን ውስጥ ውፍረቱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ ሽቦ ላይ ሰክተን 20 እንጀራ ጋገርንበት፤ የመጨረሻውም እንደ መጀመሪያው ዓይናማ ሆኖ ወጣ። ጉድለቱ ከምጣዱ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጎን ሲበስል ሌላው ጎን ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ሊጥ ሆኖ ይቀር ነበር። እርስዎ የነገሩን ግን ሌላ ነው፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ያምራሉ፤ ከአራተኛው ጀምሮ ግን ይበላሻሉ። ይህ ምጣዱ ሲሞቅ ያጠራቀመው ሙቀት ካለቀ በኋላ የሚተካው ኃይል እንደማይደርሰው የሚያሳይ ምልክት ነው።

ባለሙያችን ቤትዎ መጥቶ ምጣዱ እየሠራ ሲለካ ቆጣሪው ጋ 210 ቮልት፣ ወጥ ቤቱ ሶኬት ላይ ደግሞ 190 ቮልት አገኘ። ሃያው ቮልት የቀረው ከቆጣሪው እስከ ጓሮው ወጥ ቤት በተዘረጋው 60 ሜትር ሽቦ ላይ ነው፤ ሽቦው ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የሚበቃው ባለ 1.5 በመሆኑ የምጣድን ጭነት አይችልም። ሙቀት ከቮልቱ በበለጠ ፍጥነት ስለሚወርድ፣ በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚሰጠው ምጣድ በ190 ቮልት የሚሰጠው 2600 ዋት ያህል፣ ማለትም ከአራት እጁ ሦስቱን ብቻ ነው። ሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል ሽቦውን እያሞቀው ስለሆነ፣ ሶኬቱን ሲነኩት ትኩስ ሆኖ ካገኙት እባክዎ መጋገሩን ወዲያው ያቁሙ።

ደረሰኝዎ ጀርባ ላይ እንደተጻፈው፣ ያልተሟሸ ምጣድ በ7 ቀን ውስጥ ከተመለሰ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ እንከፍላለን፤ የምጣዱ ወይም የሬዚስታንሱ ጉድለት ሲሆን ደግሞ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ያለ ክፍያ እንለውጣለን። የእርስዎ ምጣድ ከሁለቱም አይገባም። በጎመን ዘር የተሟሸ ምጣድ ዘይቱን ሸክላው ስለሚጠጣው እንደ አዲስ አድርጎ ለሌላ ሰው መሸጥ አይቻልም፤ ያንን ብናደርግ የምናታልለው ቀጣዩን ገዢ ነው።

ይሁን እንጂ ምጣዱን ስንሸጥልዎ ስለ ቤትዎ ሽቦ አንድ ጥያቄ ማቅረብ ይገባን ነበር። ያንን አላደረግንም፤ ስለዚህ ድርሻችንን በሚከተለው መንገድ ለመሸፈን ወስነናል። ከቆጣሪው አንስቶ እስከ ወጥ ቤት ድረስ ለምጣዱ ብቻ የሚያገለግል ባለ 4 መስመር ከራሱ ብሬከር ጋር ባለሙያችን ያለ ክፍያ ይዘረጋልዎታል፤ ከእርስዎ የሚጠበቀው የሽቦውና የብሬከሩ ዋጋ ብቻ ሲሆን፣ እኛም ትርፍ ሳንጨምር በገዛንበት ዋጋ እንሰጥዎታለን። በዚህ መስመር ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ከ200 ቮልት በላይ እንደሚሆን እናሰላለን። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ፣ አከራይዎ ሥራው እንዲሠራ ፈቃዳቸውን ቢሰጡ መልካም ነው።

መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ እኛ ባለንበት 20 እንጀራ ጋግረው ዓይን የማያወጣ ከሆነ፣ ምጣዱ የተሟሸም ቢሆን ገንዘብዎን ሙሉ በሙሉ እንመልሳለን። ይህንንም በጽሑፍ ቃል እንገባለን።

አንድ ነገር ግን አደራ እንልዎታለን። አንዳንድ ጥገና ቤቶች ምጣዱ «እንዲበረታ» ሬዚስታንሱን ያሳጥራሉ። ያጠረ ሬዚስታንስ ተጨማሪ ኃይል ስለሚስብ፣ በአሁኑ ሽቦዎ ላይ ይህ ቢደረግ ሽቦው ከአሁኑም በባሰ ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። አያስነኩት።

አከራይዎ ካልፈቀዱ፣ ለጊዜው የመብራቱ ኃይል ሻል በሚልበት በማለዳ መጋገር፣ በየእንጀራው መካከልም ክዳኑን ገጥሞ ምጣዱ እስኪሞቅ ሁለት ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይረዳል፤ ሆኖም ይህ ጊዜያዊ ነው፣ የሽቦውን ችግር አይፈታም። ባለሙያችን መምጣት የሚችለው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ የሚመችዎትን ቀን እስከ ቅዳሜ ድረስ ቢያሳውቁን ሽቦውን ለክቶ ያዘጋጃል።

ከሰላምታ ጋር

የምጣድ መሸጫና ጥገና ሱቁ ኃላፊ