የሒሳብ ክበብ ዘገባ፦ የመልመጃ ወረቀቱና የቆሎው ጥቅልል

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮ ብዙውን ረቡዕ ያሳለፈው በአንድ የመልመጃ ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ መልካቸው አንድ ሆኖ መጠናቸው ስለሚለያይ ምስስል ምስሎች፣ የአንዱ ጎን የሌላው ስንት እጥፍ እንደሆነ ስለሚናገረው ስኬል ፋክተር፣ ስለ ስፋትና ይዘት ንጥጥር ነው። መስከረም ላይ ሳዘጋጀው ሦስት ገጽ ነበረው። አንደኛው ስለ ጎን፣ ሁለተኛው ስለ ስፋት፣ ሦስተኛው ስለ ይዘት።

ልጆቹ ቶሎ ጨረሱት፤ ሁሉም ማለት ይቻላል አገኙት። በሌላ ቀን ግን እነዚያኑ ጥያቄዎች አደባልቄ ስሰጣቸው ብዙዎቹ ሳቱ። ለካ የሚያነቡት ጥያቄውን ሳይሆን ገጹን ነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ ከሆነ ስኬል ፋክተሩን በራሱ ያባዛሉ፤ ሦስተኛው ላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ደግመው ያባዛሉ። ጥፋቱ የወረቀቱ ነበርና እንደገና ጻፍኩት።

አዲሱ ወረቀት የሚጀምረው በሁለት አራት ማዕዘኖች ነው። አንዱ 4 በ6፣ ሌላው 6 በ8 ሴንቲ ሜትር። ምስስል ናቸው? «ሁለቱም ጎን በ2 ስለጨመረ አዎ» የሚል መልስ ከየአቅጣጫው መጣ። ይህን ስህተት በቃል ከማረም ይልቅ ወረቀት ቆርጠን አየነው። ትንሹን ትልቁ ላይ አንድ ጥግ ገጥመን አስቀመጥንና ከዚያ ጥግ የሁለቱንም ሰያፍ አሰመርን። ምስስል ቢሆኑ ሰያፎቹ በአንድ መስመር ይሄዱ ነበር። አልሄዱም። 6 ለ4 ሲካፈል 1.5 ነው፤ 8 ለ6 ሲካፈል ግን ወደ 1.33 ገደማ። በመደመር የሚያድግ ምስል መልኩን ይቀይራል፤ መልኩን የሚጠብቀው በማባዛት የሚያድገው ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ወደ ኋላ የሚያስኬድ ነው። የሁለት ምስስል ሳጥኖች የገጽ ስፋት ንጥጥር 9 ለ25 ነው፤ የይዘታቸውስ? ብዙዎቹ 81 ለ625 ብለው ጻፉ፤ የተሰጣቸው ስፋት መሆኑን ረስተው እንደገና አባዙት ማለት ነው። መንገዱ መጀመሪያ ወደ ጎን መመለስ ነው፦ 3 ለ5። ከዚያ ይዘቱ 27 ለ125 ይሆናል። አንዲት ተማሪ ከየቁጥሩ ጎን «ጎ»፣ «ስ» ወይም «ይ» ብላ ምልክት ማድረግ ጀመረች። በወሩ ሁላችንም የእሷን ዘዴ ይዘን ነበር።

ትልቁ ክርክር የተነሳው በሦስተኛው ደረጃ ነው። ቆሎ የሚጠቀለልበት ሾጣጣ ወረቀት እስከ ቁመቱ እኩሌታ ብቻ ቢሞላ፣ ምን ያህል ቆሎ ያዘ? «ግማሽ» ያሉም፣ «ሩብ» ያሉም ነበሩ። መልሱ አንድ ስምንተኛ ነው። ቆሎው የያዘው ቦታ ራሱ ትንሽ ሾጣጣ ነው፤ ጫፉ ከትልቁ ጋር አንድ ነው፤ ቁመቱም አፉም በእኩሌታ አንሰዋል። ግማሽ በግማሽ በግማሽ።

ማንም አላመነም። ስለዚህ ከወፍራም ካርቶን ሁለት ሾጣጣ ሠራን። ከክብ ላይ የሚቆረጠው ቁራጭ ለትልቁ ራዲየሱ 19፣ ለትንሹ 9.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ማዕዘኑ ግን ለሁለቱም ያው 114 ዲግሪ ነው፤ ምስስልነታቸው እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ትልቁ ሲጠቀለል ቁመቱ 18፣ የአፉ ራዲየስ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ። ቆሎ ፍሬው ትልቅ ስለሆነና በመካከሉ ክፍተት ስለሚተው በጤፍ ለካን። በትንሹ እየሰፈርን፣ አፉን በማስመሪያ እያስተካከልን ወደ ትልቁ ገለበጥን። ስምንት ስፍር ገባና ትንሽ ጎደለ። ጉድለቱ ከየት መጣ? ጤፉ ሲከብድበት የትልቁ ካርቶን ጎን ወደ ውጭ ለጠጥ ብሎ ነበር።

አንድ ልጅ ታዲያ ጥሩ ነገር ጠየቀ፦ «ብርጭቆስ? እስከ ግማሽ ብንሞላው አንድ ስምንተኛ ነው?» ቀጥ ላለ ብርጭቆ አይደለም፤ እኩሌታው ነው። ቁመቱ ቢያንስም አፉ ስላላነሰ ውሃው ከብርጭቆው ጋር ምስስል አይደለም። ከሾጣጣው ላይ ባዶ የቀረው የላይኛው ክፍልም እንዲሁ ምስስል አይደለም፤ ይዘቱን ያገኘነው በመቀነስ ነው፣ ሰባት ስምንተኛ።

የመጨረሻውን ጥያቄ ያመጡት ልጆቹ ናቸው። በትክክል ግማሽ ቆሎ የሚፈልግ ሰው እስከየት ይሙላ? ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.5 የሚሰጥ ቁጥር መፈለግ አለብን። 0.8ን ሞከሩ፤ 0.512 ሆነና በለጠ። 0.79 ደግሞ 0.493፤ አነሰ። 0.794 ላይ ቆሙ። 18 በ0.794 ሲባዛ ወደ 14.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ከጫፉ 14.3 ላይ በእስክሪብቶ አሰመሩ፣ ጤፉን እስከዚያ ሞሉ፣ ከዚያ በትንሹ ሾጣጣ እየሰፈሩ መልሰው አወጡት። አራት ስፍር ወጣ። ጤፉ ወደ መጣበት ቤት ተመልሷል፤ መስመሩ ያለበት ሾጣጣ ክፍላችን መስኮት ላይ ተቀምጧል።