ጉዳዩ፦ ከኤቲኤም ያልወጣ 4,000 ብር ከሂሳቤ ስለመቆረጡ

የካቲት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለባንኩ የካርድ አገልግሎት ክፍል
ጎንደር

ጤና ይስጥልኝ።

የባንካችሁ ደንበኛ ነኝ። ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አርብ ከሰዓት በኋላ ፒያሳ ካለ የሌላ ባንክ ኤቲኤም በእናንተ ካርድ 4,000 ብር ለማውጣት ሞከርኩ። ብሩ አልወጣም። ከሂሳቤ ግን ተቆረጠ። አንድ ወር ሊሞላ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የካቲት 6 ቀን፣ «ግብይቱ የተሳካ ስለሆነ ተመላሽ አይደረግም» የሚል መልስ ሰጣችሁኝ። ይህን መልስ አልቀበልም። ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ እጽፍላችኋለሁና እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ለጥምቀት ሁለት ቀን ስለቀረው ማሽኑ ጋ ሰልፍ ነበር። ብሩን የፈለግኩት ለእናቴ የስኳር መድኃኒትና ለበዓል ወጪ ነው። ተራዬ ሲደርስ ካርዴን አስገባሁ፣ የሚስጥር ቁጥሬን ነካሁ፣ 4,000 አልኩ። ካርዴ ተመልሶ ወጣና ያዝኩት። ቀጥሎ ብር ሲቆጠር የሚሰማው ድምፅ ከውስጥ መጣ። እጄን ወደ ብር መውጫው እንደዘረጋሁ መብራት ጠፋ። የመንገዱ ሱቆች ሁሉ ጨለሙ፤ ስክሪኑም ጠቆረ። የብር መውጫው ክዳን ጭራሽ አልተከፈተም። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ከእናንተ የመጣ መልእክት ነው፤ 4,000 ብር ወጪ ተደርጓል ይላል።

ከቦታው አልተንቀሳቀስኩም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጀነሬተር ተነሳ፣ ማሽኑም እንደገና በራ። ሲነሳ ውስጡ ለጥቂት ሰከንድ ሲያንኮራኩር ሰማሁ። ከዚያ ለጊዜው አገልግሎት እንደማይሰጥ የሚገልጽ ጽሑፍ መጣ። ከኋላዬ የነበረው ልጅም ካርዱን ሳያስገባ ሄደ። የማሽኑ ጥበቃ «አይዞሽ እህቴ፣ ይመለስልሻል» አለኝ። ያንን የማንኮራኮር ድምፅ ልብ በሉልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ ጥር 13 ቅርንጫፋችሁ መጥቼ ቅጽ ሞላሁ። ሰዓቱን ስጠየቅ «9 ሰዓት ከ40 ግድም» አልኩ። ሠራተኛዋ 9:40 ብላ ጻፈች። ሁላችንም በምንናገርበት አቆጣጠር ትክክል ነው። ማሽኑና ባንኮችን የሚያገናኘው ስዊች ግን የሚመዘግቡት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ለእነሱ የኔ ሰዓት 15:40 ነው፤ 09:40 ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ከ40 ነው። ጥር 21 ቀን «በተጠቀሰው ሰዓት በካርድዎ የተደረገ ግብይት አልተገኘም» ተባልኩ። ስምንት ቀን የባከነው በዚህ ነው። ስህተቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ስልኬ ላይ ያለውን መልእክት ከቅጹ ጋር አስተያይቼ። ቅጹ ላይ «በፈረንጅ ሰዓት» የሚል አንድ ቃል ቢታተም ስንቱ ደንበኛ ከመመላለስ ይድን ነበር።

ቅጹ ከታረመ በኋላ የመጣው መልስ ነው እንግዲህ የካቲት 6 የሰጣችሁኝ። ማስረጃው ምንድን ነው ብዬ ስጠይቅ ሠራተኛው ኮምፒውተሩ ላይ አንድ መስመር አሳየኝ። የካርዴ የመጨረሻ ቁጥሮች፣ 4,000 ብር፣ መልሱ ደግሞ 00። «ይኸው፣ 00 ማለት ተሳክቷል ማለት ነው» አለኝ።

እኔ ከዚህ በፊት በሌላ ባንክ ለስድስት ዓመት ኤቲኤም ከሚሞሉና ከሚያመጣጥኑ ሠራተኞች አንዷ ነበርኩ። 00 ምን እንደሚል አውቃለሁ። የሚናገረው ስለ ፈቃድ ብቻ ነው። የሌላ ባንክ ማሽን ላይ ካርዴን ሳስገባ ጥያቄው በኢትስዊች በኩል ወደ እናንተ ይመጣል። እናንተ ቀሪ ሂሳቤን ታያላችሁ፣ 4,000 ትቀንሳላችሁ፣ «ስጣት» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። 00 ማለት ይህ «ስጣት» ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሽኑ ገና አንድ ብር አላነሳም። ብሩ የሚቆጠረው ከዚያ በኋላ ነው። መብራቱ የጠፋውም ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ መስጠት ሲያቅተው «አልሰጠሁም፣ መልሱላት» የሚል መልእክት በዚያው መስመር ወደ እናንተ መላክ አለበት። ሪቨርሳል የምንለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ብሩ በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ የሚያገኘው ይህ መልእክት ሲደርስ ነው። መብራትና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ ግን መልእክቱ ሳይላክ ሊቀር ይችላል። ያኔ በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚቀረው 00 ብቻ ነው። ስለዚህ 00 ደግማችሁ ብታሳዩኝ አዲስ ነገር አልነገራችሁኝም። ብሩ ለምን እንደተቆረጠ እንጂ መውጣት አለመውጣቱን አያሳይም።

መውጣት አለመውጣቱን የሚያውቀው ማሽኑ ራሱ ነው። እያንዳንዱን እርምጃ በራሱ ጆርናል ላይ ይጽፋል። ቃላቱ እንደ ማሽኑ ዓይነት ይለያያሉ፤ እኔ እሠራባቸው በነበሩት ላይ አንድ የተሳካ ወጪ ይህን ይመስል ነበር፦

```
CARD TAKEN
NOTES STACKED
NOTES PRESENTED
NOTES TAKEN
```

ካርድ ተወሰደ፣ ብሩ ተቆጥሮ ተደረደረ፣ ወደ መውጫው ቀረበ፣ ተወሰደ። የእኔ ጉዳይ የሚወሰነው በመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ላይ ነው። ክዳኑ ስላልተከፈተ የመቅረብም የመወሰድም መስመር ሊኖር አይገባም፤ ከመደርደር ቀጥሎ የሚታየው የማሽኑ እንደገና መነሳት ይሆናል። ይህን ጆርናል ጠይቃችሁ አይታችሁት እንደሆነ ሠራተኛውን ጠየቅሁት። «የማሽኑ ባለቤት ባንክ ተሳክቷል ብሎ መልሷል» ነው ያለኝ። ወረቀቱ የለም። በቃል ብቻ የመጣ ነገር የሰው ገንዘብ አይቆርጥም።

አሁን ወደዚያ የማንኮራኮር ድምፅ ልመለስ። ብር ከተሞላበት ሣጥን፣ ከካሴቱ፣ ተነስቶ መሐል መንገድ ላይ እያለ ማሽኑ ሲጠፋ፣ ተመልሶ ሲነሳ መንገዱን ያጸዳል። የቆመውን ብር ወደ ካሴቱ አይመልሰውም። ለብቻው ወዳለች ሣጥን ይጥለዋል። እኛ ሪጀክት እንላት ነበር። የተጣበቀና የተጨማደደ ብርም የሚገባው እዚያው ነው። ድምፁን ስሰማ ብሬ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? ማሽን የሚያመጣጥን ሰው ካሴቱን ብቻ ቆጥሮ «ልክ ነው» ሊል ስለሚችል ነው። በቁጥር ላሳያችሁ። ለምሳሌ ካሴቱ ውስጥ 1,500 ባለ 200 ብር ኖት ተሞላ እንበል፤ 300,000 ብር ማለት ነው። ማሽኑ የእኔን 20 ኖት ጨምሮ 1,100 ከካሴቱ አነሳሁ ብሎ መዘገበ። መቅረት ያለበት 400 ነው። ሠራተኛው ካሴቱን ይከፍታል፣ ይቆጥራል፣ 400 ያገኛል። ልክ ነው፤ ምክንያቱም የእኔ 20 ኖት በእርግጥም ከካሴቱ ወጥቷል። ወደ እኔ ግን አልመጣም፤ ሪጀክት ውስጥ ነው። ያቺ ሣጥን ተቆጥራ ከካሴቱ ጋር ሲደመር 420 ይሆናል። ትርፉ 20 ኖት፣ 4,000 ብር ነው። ካሴቱ ልክ መጣ ማለት ደንበኛው ወስዷል ማለት አይደለም።

ያ ትርፍ ባለቤት ካልተፈለገለት በባንኩ የትርፍ ሂሳብ ላይ ይቀመጣል። ሌላ ሰውም ያን ቀን እንደኔ ደርሶበት ከሆነ የሁለታችን ብር ተደባልቆ ይገኛል። ያኔ መለያው የጆርናሉ ሰዓትና የግብይቱ ተራ ቁጥር ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው ከጥር 9 በኋላ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ የተቆጠረበት ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ ለበዓሉ ብዙ ጊዜ ተሞልቶ ይሆናል፤ የዛሬ ቆጠራ ስለ እኔ ቀን ብዙ አይነግረንም። የካሜራ ምስልም እንደዚሁ ነው። የድሮው እየተሰረዘ አዲሱ ስለሚቀረጽበት፣ ዛሬ ያልተጠየቀ ምስል ነገ ላይገኝ ይችላል።

ለራሴ ብቻ እንዳላደላ አንድ ነገር ልጨምር። ጆርናሉ ብሩ ቀርቦ ተወስዷል ካለ፣ ካሴቱና ሪጀክቱ ተደምረው ያለ ትርፍ ልክ ከመጡ፣ የእኔ ቃል ብቻውን አያሸንፍም። ያን ጊዜ የሚቀረው ካሜራው ነው። መውጫው ላይ ሌላ ሰው ያጣበቀው ነገር ብሩን ይዞት እንደሆነ ያሳያል። እሱም እኔ ብር ስወስድ ካሳየ እጄን እሰጣለሁ። እስካሁን ግን ከሦስቱ አንዱንም ያየ ሰው የለም።

የማሽኑ ባለቤት ባንክ ጋ ሄጄ «ካርድሽ የማን ነው? ወደ ባንክሽ ሂጂ» ብለውኛል። አሠራሩ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅሬታው በእናንተ በኩል ነው የሚሄደው። ለዚህ ነው የምጽፈው ለእናንተ። ከሂሳቤ የቀነሳችሁት እናንተ ናችሁ፣ ስለ እኔ መጠየቅ የምትችሉትም እናንተ ብቻ ናችሁ። የማሽኑ ባለቤት «ተሳክቷል» ሲል ተቀብላችሁ ለእኔ ስታስተላልፉልኝ፣ እኔን ወክሎ የሚጠይቅልኝ ማንም አልቀረም።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የካቲት 6 የተሰጠው መልስ ተነስቶ ጉዳዩ እንደገና ይከፈት። ለማሽኑ ባለቤት ባንክ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ጥር 9 ቀን ከ15:35 እስከ 16:00 ያለውን ጆርናል፣ መልሶ የመነሳቱን መስመር ጨምሮ፣ እንዲሁም ከዚያ ቀጥሎ የተደረገውን ቆጠራ ካሴትና ሪጀክት ተለይቶ። ካሜራው እንዳይሰረዝ ዛሬውኑ ይነገራቸው። እነዚህን ማቅረብ ካልቻሉ የካዱት ያለ ማስረጃ ነውና 4,000 ብሩ፣ በሌላ ባንክ ማሽን በመጠቀሜ ከተቆረጠው ኮሚሽን ጋር፣ ወደ ሂሳቤ ይመለስ። ካቀረቡም የሁለቱ ወረቀት ቅጂ ለእኔም ይሰጠኝ።

ከእናንተ የመጣውን የስልክ መልእክትና ሁለቱን የሞላኋቸውን ቅጾች ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። መልሱን በጽሑፍ፣ ማኅተም ያለበት አድርጋችሁ ስጡኝ። እስከ የካቲት 24 ካልደረሰኝ ይህንኑ ደብዳቤ ለብሔራዊ ባንክ አቀርባለሁ።

የሂሳባችሁ ደንበኛ
ማራኪ፣ ጎንደር
ፊርማ