እጅሽን አናትሽ ላይ ስታደርጊ

ውድ እማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስለ ቀኝ ክንድሽ ሕመም በስልክ ስነግርሽ «እሺ፣ እሺ» ብለሽ ስለምታልፊኝ ጻፍኩልሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው።

ለፋሲካ ሐዋሳ መጥቼ ሳለ፣ ቡናው እስኪፈላ ቀኝ እጅሽን አንስተሽ አናትሽ ላይ አሳረፍሽው። «እንዲህ ሳደርገው ቀለል ይለኛል» አልሽኝ። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ ስሠራ ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አይቻለሁ። ሕመሙ ከትከሻሽ ቢሆን ኖሮ እጅሽን ማንሳቱ ያምሽ ነበር። ቀለል የሚልሽ አንገትሽ ውስጥ ተጭኖ የተያዘው ነርቭ ክንድሽ ሲነሳ ውጥረቱ ስለሚላላለት ነው።

ቀጥሎ የትኛው ጣትሽ እንደሚደነዝዝ ጠየቅሁሽ፤ የመሃል ጣትሽን አሳየሽኝ። ወደዚያ ጣት የሚሄደው ነርቭ የሚወጣው በስድስተኛውና በሰባተኛው የአንገት አጥንት መካከል ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎዳውም እሱ ነው። በዕድሜ ብዛት በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ይደርቅና ይሳሳል፣ የአጥንቱም ጠርዝ ያድጋል፣ ነርቩ የሚወጣባት ቀዳዳ ትጠባለች። ብርድ የመታሽ አይደለም እማዬ። ልብስ ለማስጣት ቀና ስትይ እስከ ጣትሽ የሚነዝርሽም፣ አንገት ወደ ኋላ ሲታጠፍ ያቺ ቀዳዳ ይበልጥ ስለምትጠብ ነው። ገመዱን በደረትሽ ልክ ዝቅ አድርገው ይሰሩልሽ።

ጎረቤታችን ወጌሻ ጋ ልውሰድሽ ማለቷን ሰምቻለሁ። በአንቺ ክፉ እንደማታስብ አውቃለሁ፤ ግን ማንም አንገትሽን እንዳይጠመዝዝብሽ፣ በኃይልም እንዳያሽሽ። እዚያ ያለው ነርቭ ብቻ አይደለም፤ ህብለ ሰረሰርና ወደ አንጎል የሚወጡ የደም ሥሮችም አሉ። በሌላ ሰው ደርሶ ያየሁት ስለሆነ ነው የምለምንሽ።

ደግነቱ፣ ይህ ሕመም በአብዛኛው ሰው ላይ ያለ ቀዶ ጥገና በ6 ወይም በ12 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። አንቺ ገና አምስተኛ ሳምንትሽ ነው። የአንገት ማሰሪያውን ግን ቀን ከሌሊት አታድርጊው። ሕመሙ በበረታበት ሰሞን ለጥቂት ቀን ይጠቅማል፤ ከዚያ ካለፈ ጡንቻውን ያሰንፈዋል።

ያሳየሁሽን እንቅስቃሴ አትተዪው። ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ ትቀመጫለሽ፣ ቀና ወይም ዝቅ ሳትይ አገጭሽን ወደ ኋላ ትስቢያለሽ፣ እስከ 5 ቆጥረሽ ትለቂያለሽ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እያደረግሽው ሕመሙ ከእጅሽ እየሸሸ ወደ አንገትሽ ከተሰበሰበ፣ አንገትሽ ትንሽ ቢያምሽም ጥሩ ምልክት ነው። ወደ ጣቶችሽ ከወረደ ግን አቁሚውና ደውዪልኝ። ስትተኚ ደግሞ በግራ ጎንሽ ሁኚ፤ አንዱ ትራስ ከራስሽ ሥር፣ ሌላው ከቀኝ ክንድሽ ሥር ይሁን።

ስለ መድኃኒቱም ልንገርሽ። ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል፤ ነገር ግን ደም ግፊት ያለብሽና ኢናላፕሪል የምትወስጂ ሰው ነሽ። ግፊቱን ከፍ ያደርግብሻል፣ ኩላሊትሽንና ጨጓራሽንም ሊጎዳ ይችላል። ከመድኃኒት ቤት በራስሽ ገዝተሽ አትውሰጂ፣ መርፌውንም ሐኪምሽ ሳያውቅ አትወጊ።

አሁን ያሳሰበኝን ልንገርሽ። «ስትመረምሪኝ ዝም ብለሽ ነበር» እንዳትዪኝ፤ ያን ዕለት መዳፎቼን በመዳፎችሽ እንድትገፊ ሳደርግሽ ቀኝሽ ከግራሽ ትንሽ ቀድሞ ተረታ። ከሶፋው ስትነሺም በግራሽ ብቻ ነበር የተደገፍሽው። መጠነኛ ድካም ከሕመሙ ጋር አብሮ ሊሻል ይችላል፤ ቢሆንም በዚህ ሳምንት ሐኪም ይይሽ። ድካሙ እየጨመረ ከሄደ 12 ሳምንት አይጠበቅም፤ ኤምአርአይ ተነስተሽ ቀዶ ጥገና ያስፈልግ እንደሆነ መታየት አለበት።

ከዚህ ሌላ፣ የልብስ ቁልፍ መቆለፍ ካቃተሽ፣ ሁለቱም እጆችሽ ከደነዘዙ፣ ስትሄጂ እግርሽ ከተሳሰረ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተሽ ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። የክንድ ሕመሙ ደረት ከማፈን፣ ከላብ ወይም ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ ልብ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ደቂቃ እንኳ አትጠብቂ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። ከዚያ በፊት በሁለት እጅሽ ተራ በተራ ግድግዳውን ግፊና ቀኝሽ እንዴት እንደሆነ ንገሪኝ። ድንዛዜው ከመሃል ጣትሽ አልፎ ወደ ሌላ ጣት ሄዶ እንደሆነም ሳትደብቂ።

የምትወድሽ ልጅሽ