የልብስ ስፌት ክበብ የዘንድሮ ሥራ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የደከመው ለአንድ ዓይነት ቀሚስ ነው፤ እጅጌው አንጓ፣ ቁመቱ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ የድሬዳዋን የግንቦት ሙቀት ግን የሚያስችል። ሐሳቡ የአባላቱ ነው። ብዙዎቹ ተሸፋፍነው መልበስ ይወዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ሲቀመጡ ግን ላብ ያጠምቃቸዋል።

መነሻ የሆነን የአንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ለዒድ የተገዛ፣ አወራረዱ የሚያምር ቀሚስ ነው፤ እኩለ ቀን ሲሆን ግን ጀርባዋ ላይ ይለጠፋል። ከውስጥ ስፌቱ ዳር አንድ ክር መዝዘን ክብሪት ለኮስንበት። ቀልጦ ተጠቀለለና እንደ ጨሌ ጠጠረ፤ ፖሊስተር ነው። የጥጥ ክር ቢሆን እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆን ነበር። ፖሊስተር ላብ አይመጥም፣ ስለዚህ ላቡ ገላ ላይ ይቀራል። ከዚያ ወዲህ ጨርቅ ስንገዛ ባለሱቁ «ጥጥ ነው» ቢለንም ቁራጭ ለምነን እናቃጥላለን። ብዙ ጊዜ እሱም የሚያምነው የነገሩትን ነው።

እናቶቻችን የሚለብሱት ሽቲ መልሱን ይዞ ኖሯል፦ ስስ ጥጥ፣ ሰፊ፣ ሲራመዱ አየር የሚያስገባ። ችግሩ ፀሐይ ላይ ማሳየቱ ነው። ሙሉ ገበር ብናደርግበት ሙቀቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ስለዚህ ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ ስስ የጥጥ ገበር አደረግንና እጅጌውን ባዶውን ተውነው። የገበሩ ቀለም ነጭ ሳይሆን ወደ ገላ ቀለም የቀረበ ሲሆን ከውጭ እንደማይለይ ያየነው ነጩንም የገላ ቀለሙንም በር ላይ ብርሃን አስይዘን ነው።

ያስቸገረን ብብቱ ነበር። የመጀመሪያውን ቀሚስ እንዲሰፋ ብለን የእጅጌውን መግቢያ አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገን ቆረጥነው። ልጅቷ ሰሌዳ ላይ ልትጽፍ እጇን ስታነሳ ቀሚሱ በሙሉ አብሮ ተነሳ። እኔም የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ መግቢያው ዝቅ ባለ ቁጥር እጅ ከጎን ጋር ይታሰራል። በሚቀጥለው ወደ ገላ አስጠግተን ቆረጥንና ብብቱ ሥር በአራቱም ጎን አሥር ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ አግድም አስገባንበት። እጇ ወጣ፣ ጫፉ ካለበት አልተነቃነቀም፣ ብብቱም ሳይጣበቅ ዋለ።

ሌላው ጥፋታችን ጨርቁን ሳንዘፈዝፍ መቁረጣችን ነው። ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ እጅጌዎቹ ሦስት ሳንቲ ሜትር አጠሩ። ልጆቹ ግን ከአበባማ የሽቲ ቁራጭ አንጓ ላይ የሚቆለፍ ሰፊ ዳር ቀጠሉበት። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ንድፌ እጅግ ያምራል፤ ሌሎቹም አባላት ያላጠረ እጅጌያቸውን እያሳጠሩ ያንኑ ዳር ቀጠሉ።

ያልፈታነው የጥጡን መጨማደድ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ተቀምጠው ሲነሱ የቀሚሱ ጀርባ ይኮማተራል። ለከርሞ ሸካራ ሽመና ያለውን ጨርቅ እንሞክራለን፤ ሁለት ሜትር ተኩል ገዝተን ዘፍዝፈነዋል።