ሰርቪስ አመለጠኝ ስል ምን ማለቴ ነው?

ሰላም ለአዘጋጁ፣ በእንግሊዝኛ ቃል ስንጠቀም "ትርጉሙን አበላሻችሁት" ለሚሉን ሰዎች አንድ ነገር ልበል ብዬ ነው። አሜሪካ ያደገች የአክስቴ ልጅ መጥታ እኔ ጠዋት "ዛሬ ሰርቪስ አመለጠኝ" ስላት የቤተክርስቲያን ቅዳሴ መስሏት አዘነችልኝ፣ እኔ ግን ያልኩት የመስሪያ ቤቱን ሰራተኛ የሚያመላልሰውን ባስ ነው። ማታ ደግሞ ጓደኛዬ "ሰርቪስ ተከራየሁ" ሲል ባሱን ተከራየ ብላ ደነገጠች ሃሃ፣ እሱ ያለው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል።

ነገሩ እንዲህ ይመስለኛል፣ ለሰፊው ትርጉም "አገልግሎት" የሚል ቃል አለን፣ ስለዚህ ሰርቪስ ያንን ቦታ መያዝ አላስፈለገውም። ገብቶ የቀረው አማርኛው አጭር ስም ያልነበረው ጋ ነው፣ መጀመሪያ "ሰርቪስ መኪና"፣ "ሰርቪስ ቤት" ይባላል ከዛ መኪናውና ቤቱ ይወድቅና ሰርቪስ ብቻውን ይቀራል። የቱን ማለታችን እንደሆነ ግሱ ይነግርሃል፣ ካመለጠ ባስ ነው ከተከራየህ ቤት ነው፣ መኪናህን ሰርቪስ ካስደረግክ ደግሞ ዘይት ቀይረሃል።

ሙድም እንደዛው ነው፣ "ሙዴ ጠፍቷል" ሲባል ከእንግሊዝኛው ብዙም አልራቀም፣ "ሙድ ያዘብኝ" ሲባል ግን አሾፈብኝ ማለት ነው፣ ፌዙን ያመጣው "ያዘ" እና "ብኝ" እንጂ ሙድ ብቻውን አይደለም። የአክስቴ ልጅ ይቺን ስነግራት ሙድ የያዝኩባት መስሏት ተቆጣች።