ባለ 12 ሚሊዮን ብር ፖሊሲ ለምን 2 ሚሊዮን ብር ብቻ ከፈለ?

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

ፒያሳ አካባቢ ሕንፃ ያላቸው አንድ ደንበኛችን ሰሞኑን ቢሯችን መጥተው ነበር። ከምድር ቤቱ ሱቅ የተነሣ እሳት እስከ ላይኛው ፎቅ ዘልቆ ጣሪያውንና የኤሌክትሪክ መስመሩን በልቶታል። ጉዳት ገምጋሚው ማደሻውን 5 ሚሊዮን ብር ሲገምተው መድን ሰጪው የሚከፍለው 2 ሚሊዮን ብር መሆኑን አሳወቀ። ደንበኛችን ፖሊሲውን ጠረጴዛችን ላይ ዘርግተው «12 ሚሊዮን» የሚለው ላይ ጣታቸውን አሳረፉና «የተቃጠለው 5፣ የገባሁት 12፤ ታዲያ ምኑ ነው የጎደለው?» አሉን።

የጎደለው የሕንፃው ዋጋ ነው። ሕንፃው 600 ካሬ ሜትር ነው። አደጋው በደረሰበት ቀን እንዲህ ያለውን ቤት አዲስ ለመሥራት በካሬ ሜትር 50 ሺህ ብር ያስፈልግ ስለነበር ሙሉ ዋጋው 30 ሚሊዮን ብር ነው። 12 ሚሊዮን የዚህ 40 ከመቶ ብቻ ነው። በሕንፃ ፖሊሲዎች ውስጥ ያለው የተመጣጣኝ ክፍያ አንቀጽ (በሥራ ቋንቋ አቬሬጅ የምንለው) ለቀሪው 60 ከመቶ ባለቤቱ ራሱ መድን ሰጪ እንደሆነ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ጉዳቱ ትንሽም ቢሆን በዚያው ልክ ይካፈሉታል፦ 12 ለ30 ተካፍሎ፣ በ5 ሚሊዮን ተባዝቶ፣ 2 ሚሊዮን። በፖሊሲው ደንበኛው ከእያንዳንዱ ጉዳት ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ላይ እሱም ይቀነሳል።

12 ሚሊዮን ከየት መጣ? ከዓመታት በፊት ባንክ ካበደራቸው ገንዘብ። ባንኩ የሚያስጨንቀው የራሱ ብድር ስለሆነ መድኑ በዚያ ልክ ተገባ፤ ከዚያም በየዓመቱ ቁጥሩ ሳይነካ ታደሰ። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚገባው ብረት፣ ሴራሚክና አልሙኒየም የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። በእድሳቱ ጊዜ ቁጥሩን አንሥተን አለመጠየቃችን የእኛም ጥፋት ነው፤ ደንበኛችንንም ይቅርታ ጠይቀናል።

የመሸጫ ዋጋም መለኪያ አይሆንም። ፒያሳ ላይ ገዢ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ ለቦታው ነው፤ ቦታ ደግሞ አይቃጠልም። የሚፈለገው የመልሶ ግንባታ ዋጋ ነው፤ ፍርስራሽ ማንሻና የመሐንዲስ ክፍያ እንዲሸፈኑ ከተፈለገም በፖሊሲው ውስጥ መካተት አለባቸው።

ክረምት ላይ ጎርፍ ምድር ቤታችሁን ቢሞላው ስሌቱ ያው ነው። በመጀመሪያ ግን ጎርፍ በፖሊሲያችሁ መጻፉን እዩ፤ በእሳት መድን ላይ ብዙውን ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚታከል ሽፋን ነው።

የሕንፃችሁን ስፋት፣ የፎቅ ብዛትና የመጨረሻውን የግንባታ ፕላን ይዛችሁ ኑ፤ ዋጋውን ከመሐንዲስ ጋር እናሰላዋለን። የመድኑን መጠን ለማሳደግ እድሳት መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለቀሩት ወራት ብቻ የሚታሰብ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ በማሻሻያ ሰነድ ይያያዛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የመድን አገናኝ ቢሯችሁ